ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ፦ ለሐይቅ ማዶ መስመር ነፃ ሞገድ ወይስ ፈቃድ ያለው?

ባሕር ዳር ወደቡ ዳር ቆማችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብታዩ ዘጌ እንደ ጠቆር ያለ መስመር ይታያችኋል። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ካርታ ላይ ቀጥታ ብትለኩት ግን ወደ 12 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ማዶ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ አባት ጠሩኝና «ልጄ፣ ከተማ ያለው ቢሮዬ ኢንተርኔት አለው። ውኃውን ተሻግሮ ማረፊያው ይደርስልኛል?» አሉኝ። ይደርሳል አልኳቸው። ሁለት ራዲዮ፣ ሁለት ዲሽ፣ ሁለት ምሰሶ ነው የሚፈልገው። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ከዕቃው የከበደ ነበር። «አንዱ ፈቃድ አውጡ ይለኛል። ሌላው በነፃ ይሠራል ይለኛል። አየሩ ያው አየር አይደል እንዴ?»

አየሩ ያው ነው። ሞገዱ ግን ለየቅል ነው። እንዲህ ያለ መስመር ለመዘርጋት ያሰበ ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ደረጃ በደረጃ ምን ማድረግ እንዳለበት በዚሁ መስመር ላይ ላሳያችሁ።

ደረጃ 1፦ ሰማዩን ማን እንደያዘው እወቁ

ይህ ደረጃ ረዘም ይላል፤ ግን አትዝለሉት። የቀሩት ውሳኔዎች ሁሉ ከዚህ ይመጣሉ።

ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ድግግሞሽ ቢያሰራጩ ተቀባዩ ሁለቱንም አይለይም። ሞገዱ አያልቅም። የሚበላሸው መስማት ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ጥያቄም ይኸው ነው፦ የአንዱ ማሰራጨት የስንቱን መስማት ያበላሻል? መልሱ እያንዳንዱን ባንድ፣ ማለትም እያንዳንዱን የድግግሞሽ ክልል፣ ለጨረታ፣ ለጋራ ወይም ለተከለለ አገልግሎት ይመድበዋል።

ከተከለለው እንጀምር። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፍ አብራሪ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር የሚነጋገረው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ባንድ ውስጥ ነው። 121.5 ሜጋኸርዝ በዓለም ሁሉ የአደጋ ጥሪ ነው። ይህን ባንድ ለጨረታ ማውጣት አይቻልም። አውሮፕላኑ አገር ለአገር ይዞራል፤ ራዲዮውም በየደረሰበት መሥራት አለበት። ስለዚህ አገሮች በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኩል ተስማምተው ለይተውታል። ማንም እንዳያሰራጭበት የተከለለም አለ። ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ ለመስማት ብቻ ነው። የኅዋ ተመራማሪዎች ከሃይድሮጅን የሚወጣውን ደካማ ሞገድ የሚያዳምጡት እዚያ ነው። ሳተላይቶችም የአፈርን እርጥበት የሚለኩት በዚሁ ባንድ ነው። አዳማጭ ገንዘብ አይከፍልም፤ ጨረታም አያሸንፍም። ካልተከለለለት ይጠፋል።

ሁለተኛው የሞባይሉ ነው። የ800 እና የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳ አልፎ ቤት ይገባል፣ ሩቅም ይሄዳል። አንድ ማማ አንድ ቀበሌ ሙሉ ይሸፍናል። እዚያው ከተማ ሌላ ኩባንያ ያንኑ ድግግሞሽ ቢከፍት ሁለቱም ይከስራሉ። ስለዚህ ለአንድ ባለቤት ብቻ ይሰጣል። ለማን? ድሮ አመልካቾችን አወዳድሮ ደስ ላለው መስጠት ነበር። አሜሪካ ለተወሰነ ጊዜ በዕጣ ሞክራለች። ዕጣው የደረሰው ሰው ምንም ሳይገነባ ፈቃዱን ለሌላ ይሸጥ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ጨረታ ዞረች። የጨረታው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ሞገዱን ይበልጥ የሚጠቀምበት የበለጠ ይከፍላል።

ግን ጨረታ በራሱ ዋስትና አይደለም። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው ደንብ አሸናፊው የሚከፍለው ሁለተኛው ተወዳዳሪ ያቀረበውን ዋጋ ነው የሚል ነበር። ዝቅተኛ የመነሻ ዋጋ አልተቀመጠም። 100,000 ዶላር ያቀረበ ድርጅት 6 ዶላር ከፍሎ ወጣ። ህንድ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2016 ለ700 ሜጋኸርዝ በጣም ውድ የመነሻ ዋጋ ጠየቀች። ገዢ ጠፋና ሞገዱ ሳይሸጥ ቀረ። ማንም ያልተጠቀመበት ሞገድ ደግሞ ተቀምጦ አይጠራቀምም፤ ያ ዓመት አለፈ ማለት ነው። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ፈቃድ አገኘ። ያ ጨረታ የሞገድ ብቻ ሳይሆን የሙሉ ኦፕሬተርነት ፈቃድ ነበር። ሞገዱም ከፈቃዱ ጋር ነው የመጣው።

ሦስተኛው የጋራው ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የማይክሮዌቭ ምድጃዎች የሚሠሩበት ባንድ ነው። ለንግድ ራዲዮ የማይመች፣ የሚረበሽ ተብሎ ችላ የተባለ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 በአነስተኛ ኃይል ለሚሠሩ መሣሪያዎች ያለ ፈቃድ ፈቀደችው። ዋይፋይ ከዚያ በቀለ። እዚህ መፍቀድ የተቻለው ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ነው። የእኔ ራውተር የሚረብሸው ጎረቤቴን እንጂ ከተማውን አይደለም።

ፈቃድ አልባ ማለት ግን ሕግ አልባ ማለት አይደለም። መሣሪያው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያጸደቀው ዓይነት መሆን አለበት። የኃይል ገደብም አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላው ቢረብሻችሁ የምትከሱበት መብት የላችሁም። ባለፈቃድ አገልግሎትን ከረበሻችሁ ግን የምታጠፉት እናንተ ናችሁ። ነፃነቱ የሚገዛው በዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ለራሳችሁ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?

ይህ አጭር ነው። የማረፊያው ባለቤት ከራሳቸው ቢሮ ወደ ራሳቸው ማረፊያ ነው የሚያሻግሩት። ለጎረቤት ሱቆች በወር ክፍያ ላከፋፍል ቢሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ሞገዱ ነፃ መሆኑ ከዚህ አያድንም። ቢሮው ያለው የኢንተርኔት ውልም ወደ ሌላ ቦታ ማሻገርን መፍቀዱን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ለኩ

በውኃ ላይ የሚያግድ ሕንጻ የለም፤ ስለዚህ ቀላል ይመስላል። ሞገድ ግን እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም። መሐሉ ላይ ወፈር ይላል። ለ12 ኪሎ ሜትር በ5.5 ጊጋኸርዝ ይህ ውፍረት መሐል ላይ ከመስመሩ በየአቅጣጫው 12.8 ሜትር ይደርሳል። ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 7.7 ሜትሩ፣ ነፃ መሆን አለበት። የምድር ጉብታ ደግሞ መሐል ላይ 2.1 ሜትር ያነሳል። ሲደመር ወደ 10 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ዲሾች ከውኃው ከ10 ሜትር በላይ ከፍ ይበሉ። ስትለኩ ጣና ከክረምት በኋላ ከፍ እንደሚል አስቡ። በግንቦት የለካ ሰው በመስከረም ይሳሳታል።

ዘጌ በኩል ያለው ችግር ዛፉ ነው። የቡናው ጫካ ከነጥላ ዛፎቹ እስከ ዳርቻው ይወርዳል። ምሰሶው ከዛፎቹ ጫፍ በላይ መውጣት አለበት። ዛፍ መቁረጥን እንደ መፍትሔ አታስቡት። ያ ጫካ የገዳማቱም የገበሬውም ነው።

ደረጃ 4፦ ኃይሉን አስሉ

ሞገድ በመንገድ ላይ ስንት ዲሲቤል እንደሚዳከም የምታወጡት በዚህ ነው፤ በየ10 ዲሲቤሉ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይለወጣል፦

```
L = 32.44 + 20*log10(d_km) + 20*log10(f_MHz)
L = 32.44 + 21.6 + 74.8 = 128.8 dB
```

ከዲሹ በአንድ አቅጣጫ የሚወጣው ኃይል ገደብ አለው። እዚህ የምጠቀመው በአውሮፓ ደንብ ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ላለው ባንድ የተፈቀደውን 30 ዲቢኤም ነው፤ ዲቢኤም ከአንድ ሚሊዋት ተነሥቶ በዲሲቤል የሚቆጠር ኃይል ስለሆነ 30ው አንድ ዋት ማለት ነው። እናንተ ስትተክሉ የባለሥልጣኑን ወቅታዊ መመሪያ አንብባችሁ የዚያን ቁጥር አስገቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገደቡ የራዲዮውን ብቻ ሳይሆን ዲሹ የሚጨምረውንም ያጠቃልላል። 25 ዲሲቤል የሚያጎላ ዲሽ ላይ ራዲዮውን 25 ዲቢኤም ብታደርጉት 50 ዲቢኤም ይወጣል። ያ 100 ዋት ነው፤ ከተፈቀደው መቶ እጥፍ። ለዚያ ዲሽ ራዲዮው 5 ዲቢኤም ብቻ ይበቃዋል።

ደስ የሚለው በመቀበል በኩል ገደብ የለም። ትልቅ ዲሽ ቢጨምር የሚሰማው ይጨምራል፤ ማንንም አይረብሽም። በ25 ዲሲቤል ዲሽ የሚደርሰው ሲግናል 30 ሲቀነስ 128.8 ሲደመር 25፣ ማለትም ከዜሮ በታች 74 ዲቢኤም ገደማ ነው። በ30 ዲሲቤል ዲሽ ከዜሮ በታች 69 ይሆናል። ለአባታችን ትልቁን መረጥን። ራዲዮውን ወደ 0 ዲቢኤም አወረድነው።

ደረጃ 5፦ ከመትከላችሁ በፊት አዳምጡ

አንድ ጊዜ ከተማ ውስጥ ለአንድ ደንበኛ መስመር ዘርግቼ ነበር። ጠዋት ሞከርኩት፣ በረረ። ሰውየውም እኔም ደስ ብሎን ተለያየን። በዚያው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። መስመሩ ሞቷል። ያጠፋሁት ቀን ቀን ብቻ ማዳመጤ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ራውተሩን ይጠቀማል። 80 ሜጋኸርዝ የሆነ ሰፊ ቻናል መምረጤም ሌላው ስሕተት ነበር።

ጸጥ ባለ ቦታ፣ በ20 ሜጋኸርዝ ቻናል፣ ራዲዮው የሚሰማው ጫጫታ ከዜሮ በታች 95 ዲቢኤም አካባቢ ነው። ቻናሉ አራት እጥፍ ሲሰፋ ጫጫታው በ6 ዲሲቤል ይጨምራል። ስለዚህ ለረጅም መስመር ጠባብ ምረጡ።

ራዲዮውን በታሰበው ቦታ አቁሙና ቢያንስ አንድ ሳምንት ጫጫታውን መዝግቡ። ቅዳሜ ገበያና የበዓል ምሽት ቢገባበት ይመረጣል። በሁለቱም ጫፍ አድርጉት፤ የሚረብሸው ጫጫታ የሚቆጠረው በሚሰማው ጫፍ ነውና። እኛ ዘጌ ላይ ማታም ከዜሮ በታች 95 አገኘን። ባሕር ዳር ላይ ግን ምሽት ላይ ከፍ ብሎ ከዜሮ በታች 86 ሆነ። ሲግናሉ በሁለቱም ጫፍ ከዜሮ በታች 69 ነው። ስለዚህ ዘጌ የሚሰማው ከጫጫታው በ26 ዲሲቤል ይበልጣል። ከተማ የሚሰማው በ17 ብቻ ነው። እንግዳው ቪዲዮ ሲያይ ምንም አይታወቀውም፤ ፎቶ ሲልክ ግን ይጎተታል።

ማሻሻያው ፈቃድ ሳይሆን ቦታ ነበር። ዲሹ መጀመሪያ የቆመው ከተማው መሐል ጣሪያ ላይ ነው። ወደ ሐይቁ ጠርዝ አውርደን፣ ከኋላው ከተማውን የሚጋርድ ግድግዳ ባለበት ተከልነው። ዲሹ ፊቱን ወደ ውኃው ስለሰጠ የሚሰማው በአብዛኛው ሐይቁን ነው። የምሽቱ ጫጫታ ወርዶ ከዜሮ በታች 91 ሆነ።

ደረጃ 6፦ ለራዳሩ ቦታ ልቀቁ

ከ5250 እስከ 5350 እና ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 አገሮች ለዋይፋይ ሲፈቅዱ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ራዲዮው ከማሰራጨቱ በፊት 60 ሰከንድ ያዳምጥ። ራዳር ከሰማ ለቆ ይሂድ፤ ለ30 ደቂቃም አይመለስ። የአየር ጠባይ ራዳሮች በሚጠቀሙበት ከ5600 እስከ 5650 ባለው ደግሞ በአውሮፓ ደንብ የሚያዳምጠው 10 ደቂቃ ነው። ቅንብሩ ላይ `DFS` ተብሎ የምታዩት ይህ ነው።

አንዳንድ ቴክኒሻን ይህ መጠበቅ ይሰለቸውና የ`Country` ቅንብሩን ወደ ሌላ አገር ይቀይረዋል፤ ወይም ወደ ሙከራ ሁኔታ ያደርገዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የዝናብ ራዳር ምስል ላይ ከአንድ አቅጣጫ ቀጥ ያለ ጨረር የሚመስል መስመር የሚወጣው በእንዲህ ዓይነት ራዲዮ ነው። ከመስመሩ በስተኋላ ያለው ዝናብ አይታይም። ክረምት ላይ ጎርፍ ለሚጠብቅ የፎገራ ገበሬ ያ ዝናብ መታየት አለበት። ይህ መጋራት የሚቆመው በእያንዳንዱ ተካይ እምነት ላይ ነው። እምነቱ ሲፈርስ ተቆጣጣሪው የሚቀረው አማራጭ ባንዱን መዝጋት ብቻ ነው።

ተግባራዊው መፍትሔ ከ5600 እስከ 5650 ያለውን ጭራሽ አለመንካት ነው። ከዚያ ውጭ ሁለት ሌሎች ቻናሎችን በመጠባበቂያነት አስገቡ። ራዲዮው ሲለቅ ወዴት እንደሚሄድ ይወቅ።

ደረጃ 7፦ ሲበላሽ ምን እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ። `Signal` ሳይንቀሳቀስ `Noise Floor`፣ ማለትም ጫጫታው፣ ከፍ ካለ የሚረብሽ አለ። ምሽት ምሽት ከሆነ የሰው ዋይፋይ ነው። ቻናል ቀይሩ ወይም ዲሹን ጋርዱ።

`Noise Floor` ሳይነቃነቅ `Signal` ራሱ ከፍ ዝቅ ካለ ችግሩ ሐይቁ ነው። ጸጥ ያለ ውኃ መስታወት ነው። ከውኃው የተንጸባረቀው ሞገድ ቀጥታ ከመጣው ጋር ተገናኝቶ አንዳንዴ ያጠፋዋል። ማዕበል በሌለበት ንጋት ላይ ብሶ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ከተሻለው እሱ ነው። የአንዱን ዲሽ ከፍታ በሁለት በሦስት ሜትር መቀየር ብዙ ጊዜ ያድናል። ፈቃድ ያለው ሞገድ ብትገዙም ይህ ችግር ይከተላችኋል።

መስመሩ በድንገት ጠፍቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በሌላ ቻናል ከተመለሰ ደግሞ ራዳር ሰምቷል። ሥራውን እየሠራ ነው፤ ተዉት።

ደረጃ 8፦ ፈቃድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ለእንግዳ ማረፊያ በወር ሁለት ምሽት ቢጎተት ይቻላል። ለጤና ጣቢያ ወይም ለባንክ ቅርንጫፍ ግን አይቻልም። የጎረቤት ራውተር መቼ እንደሚበዛ ማንም ቃል አይገባላችሁም። ያኔ የተመደበ ድግግሞሽ ጠይቁ።

ብዙ ሰው ፈቃድ ሲባል የኦፕሬተሮቹ ሚሊዮን ዶላር ይታየዋል። ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄድ የማይክሮዌቭ መስመር ግን በጨረታ አይደለም የሚሰጠው፤ በማመልከቻና በዓመታዊ ክፍያ ነው። ምክንያቱ ደረጃ 1 ላይ ያልነው ነው። የዲሹ ጨረር ጠባብ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሄደው ድግግሞሽ ያኔውኑ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ ሊሄድ ይችላል፤ ሁለቱ አይነካኩም። አንዱ ሲወስድ ሌላው ካላጣ የሚያጫርት ነገር የለም። የሚያስፈልገው ማን የት እንዳለ የሚመዘግብ መዝገብ ነው።

ማመልከቻው የሁለቱን ጫፍ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የአንቴናውን ከፍታ፣ የዲሹን ስፋትና ማጉላት፣ የራዲዮውን ኃይልና የቻናሉን ስፋት ይጠይቃል። ባለሥልጣኑ እነዚህን አይቶ ካሉት መስመሮች ጋር የማይጋጭ ጥንድ ድግግሞሽ ይመድባል፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። ራዲዮው ለዚያ ንዑስ ባንድ የተሠራ መሆን ስላለበት ከምደባው በፊት ዕቃ አትግዙ። ለ12 ኪሎ ሜትር የ7 ወይም የ8 ጊጋኸርዝ ባንድ ጠይቁ። 18 ጊጋኸርዝ ዲሹ አነስ ይላል፤ ነገር ግን ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ዝናብ ሞገዱን መብላት ይጀምራል። የባሕር ዳር የሐምሌ ዝናብ ደግሞ አይራራም።

አባታችን ለጊዜው ነፃውን መረጡ። ሁለቱን ቁጥሮች፣ ሲግናሉንና ጫጫታውን፣ በየሳምንቱ ደብተር ላይ እንዲያስጽፉ ተስማማን። ከተማ በኩል በሲግናሉና በጫጫታው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ዲሲቤል በታች ሦስት ሳምንት ከወረደ የ8 ጊጋኸርዙን ማመልከቻ እናስገባለን። ሰነዱን ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ። ከፍታውን ደግሞ ጣና ሲሞላ በመስከረም ሄጄ እንደገና እለካዋለሁ።